የሁለት ሰዓት የግጥም ሌክቸር በአንድ ገጽ

የእህቴ ልጅ ለእረፍት ድሬ ስትመጣ ከልብሷ ይልቅ ደብተሯ ይበዛል። ያለፈው ጊዜ 14 ገጽ ኖት አውጥታ ምንጣፉ ላይ ዘረጋችልኝ። የአንድ የሁለት ሰዓት ሌክቸር ኖት ነው፤ ርዕሱ የግጥም ትንተና። «አክስቴ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ እኮ። ግጥሙ ሲሰጠኝ ግን እጄ ይደርቃል» አለችኝ።

የታረመ የፈተና ወረቀቷን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። እንዲህ ጽፋለች፦ «ገጣሚው ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል። ይህም ለግጥሙ ውበት ሰጥቶታል።» ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። መምህሯን አላውቃቸውም፤ ያቺን ጥያቄ ግን ወደድኳት። ልጅቷ የዘይቤውን ስም አግኝታለች። ዘይቤው እዚያ ቦታ ምን እንደሠራ ግን አልነገረችንም። ኖቱን ስንጨምቀው መጀመሪያ ያሰብነው ይህን ክፍተት መሙላት ነው።

የሠራነው ቼክሊስት አንድ ገጽ ነው። ሦስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ገጣሚው የተጠቀመበትን ብልሃት የምናገኝበት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ብልሃቱ ትርጉሙን ምን እንዳደረገው ይይዛል። ሦስተኛው ለፈተና የሚሆን ሞዴል ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ጠዋት ፈጀብን። ጠዋት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ስለ ግጥም የሚያስብ ጭንቅላት የለኝም።

ለልምምድ ስድስት ስንኝ ጻፍኩላት። የታወቀ ግጥም ብሰጣት የሌላ ሰው ትንታኔ ከትዝታዋ ትቀዳለች ብዬ ፈራሁ። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን ሰፈሮች የሚለየውን፣ በበጋ የሚደርቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው እንደገደለም እናስታውሳለን። ስንኞቹ እነዚህ ናቸው፦

በበጋ ይተኛል አሸዋውን ለብሶ፣
ሲረግጡት ዝም ይላል እንደ አባት ታግሶ።
ገጣሚ ነው አሉ ደቻቱ በክረምት፣
ቤት ሲመታ አደረ ያለ ልክ ያለ ምት።
ድልድዩ ጠየቀው፦ «ማንን ይዘህ መጣህ?
ብቻህን ገብተህ ነው ከሰው ጋር የወጣህ።»

1. ኖቱን በሦስት ምልክት ለዩት

አንድ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኖቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ምንም አትገልብጡ። የቃል ፍቺ ባለበት ቦታ ጠርዙ ላይ «ስ» ጻፉ፤ ስም ማለት ነው። መምህሩ አንድን ስንኝ ይዞ የተነተነበት ቦታ ላይ «ሥ» ጻፉ፤ ሥራ ማለት ነው። የቃሉ ታሪክ፣ የሊቃውንት ክርክር፣ የመምህሩ ቀልድ ያለበትን በአንድ መስመር ሰርዙት። ቀልዱ ሲሰረዝ ልጅቷ ከፋት፤ እኔም ትንሽ አዘንኩ።

የ14 ገጹ ውጤት አስገረመን። «ስ» የተጻፈበት ከግማሽ በላይ ሆነ። «ሥ» የተጻፈበት ሁለት ገጽ አይሞላም። ይህ የመምህሩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ተማሪ ፍቺ ሲነገር ይጽፋል፤ መምህሩ ስንኝ ሲተነትን ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ይሰማል። ደስ የሚለው ክፍል ስለሆነ ነው የሚሰማው። ኖቱ ላይ የሚቀረው እንግዲህ አጥንቱ ነው።

የሌክቸሩ የድምፅ ቅጂ ካላችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሁለቱን ሰዓት እንደገና አትስሙ፤ ያሰለቻል። «ስለዚህ»፣ «ባይሆን ኖሮ»፣ «ለምን ይመስላችኋል» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። መምህር ከስም ወደ ሥራ ሲሻገር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ነው የሚሻገረው። ከእነሱ በኋላ ያለውን አንድ ደቂቃ ብቻ ጻፉ። ቅጂ ከሌለ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ልጅ ኖት ጠይቁ፤ እናንተ የሳታችሁትን እሱ ይዞት ሊሆን ይችላል።

2. ስሙን ወደ ጥያቄ ለውጡት፣ ብዛቱንም ቀንሱ

ኖቱ ላይ 19 የብልሃት ስም ነበር። በፈተና ሰዓት 19 ነገር የሚፈልግ ሰው አንዱንም በደንብ አያገኝም። ወደ ሰባት አወረድናቸው። አመራረጡ ቀላል ነው። ሁለት ስሞች በአንድ ጥያቄ የሚገኙ ከሆነ አንድ ረድፍ ይበቃቸዋል። ተነጻጻሪ ዘይቤና ተለዋጭ ዘይቤ ለምሳሌ በ«እንደ» መኖርና አለመኖር ይለያያሉ። ሁለቱም ግን «ምን ከምን ጋር ተመሳሰለ?» ለሚለው ይመልሳሉ። በቦታው የሌለን ወይም ሰው ያልሆነን ነገር የሚያናግረውን እንቶኔንም የተናጋሪ ለውጥ ረድፍ ውስጥ ከተትነው፤ ሁለቱም የሚገኙት «ማን ለማን ይናገራል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ምጸትና እርስ በርሱ የሚቃረነው አያዎም «የሚጋጨው ምንድን ነው?» በሚለው ተገናኙ። ፈተናው ፍቺ የሚጠይቅ ከሆነ ልዩነታቸውን ሌላ ወረቀት ላይ ያዙት። ይህ ገጽ የትንተና ገጽ ነው።

ጥያቄው እጅን ወደ ስንኙ የሚልክ መሆን አለበት። «ሰውኛ ዘይቤ አለ?» የሚል ጥያቄ ስሙን መልሶ ያስታውሳችኋል እንጂ ወደ ስንኙ አያደርሳችሁም። «ሰው ብቻ የሚያደርገውን ግሥ የያዘ ሰው ያልሆነ ነገር የቱ ነው?» ሲባል ግን ዓይን ወዲያው ግሦቹን መልቀም ይጀምራል። ይተኛል፣ ዝም ይላል፣ ጠየቀው። ሦስት ግሥ በግማሽ ደቂቃ።

ሰባቱን እንደ ቅለታቸው ደረደርናቸው። መጀመሪያ በጆሮ የሚገኙት፣ ቀጥሎ በቃል የሚገኙት፣ መጨረሻ በድምፅ ማለትም በተናጋሪው የሚገኙት። ጆሮ የቀደመው ግጥሙን ጮክ ብሎ ማንበብ ስለሚያስገድድ ነው። ፈተና ክፍል ውስጥ ከንፈር ማንቀሳቀስ ይበቃል።

አንድ ነገር እዚህ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የቀለም ቆጠራ፣ ማለትም የስንኙን የድምፅ ክፍሎች መቁጠር። በፊደል አትቁጠሩ። «ገጣሚ ነው አሉ» በፊደል 7 ነው፣ በጆሮ ግን 6፦ ገ፣ ጣ፣ ሚ፣ ነው፣ አ፣ ሉ። «ነው» በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። «ቤት ሲመታ አደረ» ደግሞ በፊደል 8 ሆኖ ሲነበብ 6 ይሆናል። «ታ» እና «አ» ተዋውጠው «ሲመታደረ» ይላል አፋችን። «እንደ አባት ታግሶ» ላይ ግን ነጣጥለን ካላነበብን አንድ ቀለም ይጎድላል። ልጅቷ መጀመሪያ «እንዳባት» ብላ አንብባ 5 አገኘችና «ተሳስተሻል» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ በእሷ አነባበብ ይጎድላል። ስንኝ ሲጎድል መጀመሪያ አነባበቡን ጠርጥሩ፣ ቀጥሎ ገጣሚውን።

ሁሉም ስንኝ 6 በ6 ሆኖ ወጣ። የወል ቤት ነው ማለት ነው።

3. መካከለኛውን ዓምድ በመንቀል ሙከራ ሙሉት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። «ውበት ይሰጣል»፣ «ስሜት ይነካል»፣ «መልእክቱን ያጎላል» የሚሉት ሐረጎች በመካከለኛው ዓምድ ላይ እንዳይገቡ ከለከልኳት። ለየትኛውም ግጥም፣ ለየትኛውም ዘይቤ ይሠራሉ። ለሁሉ የሚሠራ መልስ ስለዚህ ግጥም ምንም አልተናገረም።

ታዲያ በምን እንሙላው? በመንቀል። ብልሃቱን ከስንኙ አውጡና በቦታው ተራ ነገር አስገቡ። ከዚያ የጠፋውን ጻፉ። የጠፋው ነገር ነው ሥራው።

ሁለተኛውን ስንኝ እንውሰድ። «እንደ አባት ታግሶ» የሚለውን ነቅለን «እንደ ድንጋይ» ብንለውስ? ዝምታው ይቀራል። ድንጋይ ግን አይቆጣም። አባት ይታገሣል፣ ትዕግሥቱም ያልቃል። ስለዚህ የጠፋው ነገር ማስፈራሪያው ነው። «አባት» የሚለው ቃል በበጋው ስንኝ ውስጥ የክረምቱን ቁጣ ቀብሮታል። ልጅቷ ይህን ስታገኝ ከምንጣፉ ተነሣች። «እንዴ! ጎርፉ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጀምሯል!» አለች። እኔ ስጽፈው እንደዚያ አላሰብኩም፤ ቃሉ ግን ይፈቅድላታል።

ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል፣ ኅብረ ቃሉ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሌክቸሩ ውስጥም በጣም የተጣደፈው እሱ ነበር። «ቤት ሲመታ አደረ» የሚለው ሐረግ ሰሙ ገጣሚ ሌሊቱን ስንኝ ሲያስማማ፣ ቤት ሲያስመታ አደረ ነው። ከፊቱ «ገጣሚ ነው አሉ» ስላለ ጆሯችን ወደዚያ ይሄዳል። ወርቁ ጎርፉ የሰው ቤት ሲመታ፣ ሲያፈርስ ማደሩ ነው። እስከዚህ ሁሉም ተማሪ ይደርሳል። ሰምና ወርቁን ለይቶ ይቆማል።

የመንቀል ሙከራው ግን ቀጥሉ ይላል። «ቤት ሲያፈርስ አደረ» ብለን በቀጥታ ብንጽፈው ምን ይጠፋል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የአንባቢው መዘግየት ይጠፋል። ስለ ግጥም እየተወራ ነው ብለን ፈገግ ብለን እንገባለን፤ ከዚያ ቤቱ የሰው ቤት መሆኑ ይገባናል። ፈገግታችን ያሳፍረናል። ደቻቱም በሌሊት የመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ትርጉሙም በዚያው መንገድ ተኝተን ሳለን ይደርስብናል። ሁለተኛ፣ «ያለ ልክ ያለ ምት» የሚለው ሁለት ፊቱን ያጣል። ለገጣሚው ልክና ምት ምጣኔ ነው፤ ለጎርፉ ያለ ልክ ማለት ከመጠን ያለፈ ማለት ነው። «ምት» ራሱ ከ«መታ» የወጣ ቃል ስለሆነ ዱላውም ይሰማል።

እዚያው ላይ ምጣኔውን ከኅብረ ቃሉ ጋር አገናኘነው። ስንኙ «ያለ ልክ» እያለ ራሱ ልኩን አልሳተም፤ 6 በ6 ነው። ወንዙ ልክ ሲያጣ ግጥሙ ልኩን ይዞ ቆሟል። ምጣኔ «ዜማ ይሰጣል» ብሎ ከመጻፍ ይህ ስንት እጥፍ ይሻላል!

ቤት መምታቱን ቶሎ አለፍነው። ለብሶና ታግሶ፣ መጣህና የወጣህ ጥሩ ይመታሉ። «ክረምት» እና «ምት» በፊደል ይገጥማሉ፣ በጆሮ ግን ትንሽ ይሸካከራሉ። ልጅቷ «ሆን ብለሽ ነው? ያለ ምት ስላለ?» አለችኝ። አይደለም፤ ሌላ ቃል አጥቼ ነው። ግን በፈተና ላይ እንደዚያ ብትጽፍ የሚነቅፋት አይመስለኝም፤ የስንኙ ሐሳብ ይደግፋታል።

የተናጋሪ ለውጥ ረድፍ ኖቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። እስከ አራተኛው ስንኝ ድረስ ደቻቱ «እሱ» ነው፤ ሰዎች ስለ እሱ ያወራሉ፣ «አሉ» ይላሉ። አምስተኛው ላይ ድልድዩ ፊት ለፊት «አንተ» ይለዋል። በመንቀል ብናየው፣ «ማንን ይዞ መጣ» ቢባል ወሬ ይሆናል። «ማንን ይዘህ መጣህ» ሲባል ምርመራ ይሆናል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይበዛም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ እንላለን፤ ስለዚህ «አንተ» መባሉ ብቻውን ንቀት ነው ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እዚህ ይሳሳታል። ለውጡ ያለው ከ«እሱ» ወደ «አንተ» በመሻገሩ ላይ ነው።

የመጨረሻው ስንኝ ግጭት አለው። ብቻውን የገባ ከሰው ጋር ወጣ። ሌላ ጊዜ ከሰው ጋር መውጣት ደግ ነገር ነው። እዚህ «ሰው» የሞተ ሰው ነው። «ሬሳ ይዘህ ወጣህ» ብንለው ግጭቱ ይነሣል፣ ከሱ ጋር የድልድዩ ጨዋነትም ይሄዳል። ሐዘንተኛ ቤት የሟችን ነገር እንዲህ ዙሪያውን ነው የሚነገረው።

4. ሞዴል ዓረፍተ ነገሩን በሦስት ክፍል ሥሩት

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያለቀ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ባዶ ቦታ ያለው ቅርጽ ጻፉ። እኛ የተጠቀምንበት ቅርጽ ይህ ነው፦

«___» የሚለው ቃል ___ን ___ ያደርገዋል፤ በ«___» ቢተካ ___ ይጠፋ ነበር። ይህም ግጥሙ ስለ ___ ከሚለው ጋር ይገናኛል።

የመጀመሪያው ክፍል ጥቅስ ነው። አጭር ይሁን፤ አንድ ቃል ወይም አንድ ሐረግ። ሙሉ ስንኝ የሚገለብጥ ተማሪ የትኛው ቃል እንደሠራ ስላላወቀ ነው። ሁለተኛው ሥራውን የሚናገር ግሥ ነው። ሦስተኛው ወደ ሙሉው ግጥም መመለሻ ነው።

ግሡ ላይ ትንሽ ልቆይ። የልጅቷን የድሮ መልሶች ስንቆጥር በአንድ ገጽ «ያሳያል» 11 ጊዜ ወጣ። «ያሳያል» ስህተት አይደለም፤ ግን ብልሃቱ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። ቼክሊስቱ ግርጌ ላይ ስድስት ግሥ ጻፍን፦ ያዘገያል፣ ይሸፍናል፣ ያጋልጣል፣ ይገለብጣል፣ ያቀርባል፣ ያርቃል። ኅብረ ቃል ብዙ ጊዜ ይሸፍናል፣ ከዚያ ያጋልጣል። የተናጋሪ ለውጥ ያቀርባል ወይም ያርቃል። አያዎ ይገለብጣል። ግሡ ከብልሃቱ ጋር ካልገጠመ ብልሃቱን አልገባንም ማለት ነው፤ ጥሩ መፈተሻ ነው።

የፊተኛዋን መልስና የኋለኛውን አንድ ላይ ላስቀምጣቸው።

ድሮ፦ «ገጣሚው ኅብረ ቃል ተጠቅሟል። ሰሙ ግጥም መጻፍ፣ ወርቁ ጎርፍ ነው። ይህም ለግጥሙ ውበት ሰጥቶታል።»

አሁን፦ «‹ቤት ሲመታ› የሚለው ሐረግ ጥፋቱን በግጥም ሥራ ይሸፍነዋል፤ አንባቢው የፈረሰውን ቤት የሚያየው ዘግይቶ ነው። በ‹ቤት ሲያፈርስ› ቢተካ ይህ መዘግየት ይጠፋ ነበር። ግጥሙ በሌሊት ሳይታሰብ ስለደረሰ አደጋ ስለሚናገር፣ ትርጉሙም ሳይታሰብ እንዲደርስ ተደርጓል።»

ሁለተኛው በቃላት ብዛት ይረዝማል። ግን ስም ያለው ሐረግ፣ ሥራ ያለው ግሥና ማስረጃ አለው። «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ይቅናው።

ገጹ ላይ የቀረው

ሰባቱ ረድፎች በመጨረሻ እንዲህ ሆኑ። ሞዴል ዓረፍተ ነገሩን ያጠረውን ነው የማስቀምጠው።

ምጣኔ። ጥያቄ፦ በጆሮ ስንት በስንት ነው፣ የትስ ላይ ይሰበራል? ሥራ፦ የሐሳቡን እርጋታ ይደግፋል ወይም ይቃወማል። ዓረፍተ ነገር፦ «ስንኙ ስለ ___ እያወራ ምጣኔው ግን ___ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ___ን ያጋልጣል።»

ቤት። ጥያቄ፦ የሚገጥሙት ሁለት ቃላት በትርጉም ይስማማሉ ወይስ ይጣላሉ? ሥራ፦ ሁለት ሐሳብን ያጋጥማል። ዓረፍተ ነገር፦ «‹___› እና ‹___› በድምፅ ሲገጥሙ ___ እና ___ አንድ ይሆናሉ።»

ምስስል። ጥያቄ፦ ምን ከምን ጋር? ከሁለተኛው ነገር ምን ጠባይ ተወሰደ፣ ምንስ ሳይነገር ተከትሎ መጣ? ሥራ፦ ያልተባለ ነገር ያስገባል። ዓረፍተ ነገር፦ «‹እንደ ___› የሚለው ___ን ብቻ ሳይሆን ___ንም ይዞ ይመጣል።»

ሰውኛ። ጥያቄ፦ ሰው ብቻ የሚያደርገው ግሥ የማን ነው? ሥራ፦ ተጠያቂ ያደርጋል። ውሃ አይጠየቅም፤ የሚተኛና የሚነሣ ግን ይጠየቃል።

ኅብረ ቃል። ጥያቄ፦ በሁለት መንገድ የሚሄድ ቃል አለ? ሁለቱም መንገድ ከዙሪያው ስንኞች ጋር ይሄዳል? ሥራና ዓረፍተ ነገሩን ከላይ አይተናል።

ተናጋሪ። ጥያቄ፦ እሱ፣ አንተ፣ እኔ የት ላይ ተቀያየሩ? ሥራ፦ ያቀርባል ወይም ያርቃል። ዓረፍተ ነገር፦ «___ኛው ስንኝ ላይ ከ‹እሱ› ወደ ‹አንተ› ሲዞር ወሬው ወደ ___ ይለወጣል።»

ግጭት። ጥያቄ፦ አብረው የማይሄዱ ሁለት ነገሮች የት ተገናኙ? ሥራ፦ የለመድነውን ትርጉም ይገለብጣል።

ሰውኛና ግጭት ረድፎች ላይ ሞዴል ዓረፍተ ነገር የለም። ልጅቷ የራሷን እንድትሞላ ተውኩት። «ሰነፍሽ እንዴ?» አለችኝ። ትንሽ ሰንፌያለሁ፤ ግን ሁሉን ከሞላሁላት የእኔን ዓረፍተ ነገር ሸምድዳ ትገባለች።

5. በሌላ ግጥም ፈትኑት

ቼክሊስት በተሠራበት ግጥም ላይ ሁልጊዜ ይሠራል። ስለዚህ በሌላ መፈተን ያስፈልጋል። ሆን ብዬ ደረቅ ሁለት ስንኝ ሰጠኋት፦

ባቡሩ ጮኸ ከዚራ ደርሶ፣
ሻንጣ ያልያዘ ቀረ አልቅሶ።

ቆጠረች፤ 5 በ5፣ ሰንጎ መገን። ጥሩ። ቤቱ ይመታል። ከዚያ ወደ ኅብረ ቃል ረድፍ ስትደርስ ተጨነቀች። ባዶ መተው አልፈለገችም። «ሻንጣ ወርቁ ተስፋ ነው፤ ባቡሩ ሞት ነው» ብላ ጻፈች። ይህ የቼክሊስት ትልቁ በሽታ ነው። ሳጥን ሲኖር እጅ መሙላት ይፈልጋል።

ጥያቄውን እንደገና እንድታነበው አደረግሁ። ሁለቱም መንገድ ከዙሪያው ስንኞች ጋር ይሄዳል? «ሻንጣ» ተስፋ ቢሆን «ደርሶ» እና «ከዚራ» ምን ይሆናሉ? መልስ የላትም። እንግዲህ ኅብረ ቃል የለም። ረድፉ ላይ ሰረዝ ተደረገ። እዚህ ሁለት ስንኝ ላይ የሚሠራው ብልሃት አንድ ብቻ ነው። ባቡሩና ሰውየው ሁለቱም ድምፅ ያወጣሉ፤ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያለቅሳል። «ጮኸ» ባቡሩ ትቶት የሚሄደውን ሰው ልቅሶ አስቀድሞ ያሰማል። «ጮኸ»ን ነቅላችሁ «ቆመ» በሉት፤ ልቅሶው ብቻውን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፍን፦ ሦስት ረድፍ ይበቃል። የአንድ ሰዓት ፈተና ከሆነ ግጥሙን ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ በሰባቱ ጥያቄ አንዴ እለፉ፣ የመንቀል ሙከራውን በደንብ ያለፉትን ሦስቱን ብቻ ጻፉ። የተቀሩትን እርሷቸው። ስም መደርደር ነጥብ የሚያስገኝ ይመስላል፤ ለአራተኛውና ለአምስተኛው የሚጠፋው ጊዜ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሌላ አንድ ገደብም አለ። የመንቀል ሙከራው ቃል በሚነቀልበት ቦታ ነው የሚሠራው። ምጣኔን መንቀል አይቻልም፤ ስንኙን በዝርው መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሌላም ብዙ ነገር ይቀይራል። ለምጣኔ እንግዲህ ከመንቀል ይልቅ ከሚናገረው ሐሳብ ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ ከላይ «ያለ ልክ» ላይ እንዳደረግነው።

ልጅቷ ስትመለስ ገጹን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። 14ቱን ገጽ እዚሁ ምንጣፉ ላይ ትታው ሄደች። ከሳምንት በኋላ ስልክ ደወለች፦ «አክስቴ፣ የሰውኛውን ዓረፍተ ነገር ሞላሁት፤ ልበልልሽ?» አለችኝ። «በይ» አልኳት። «‹ይተኛል› የሚለው ግሥ ደቻቱን የሚነቃ ያደርገዋል፤ በ‹ይደርቃል› ቢተካ የሚያስፈራን ነገር አይኖርም ነበር።»